ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ

የሥራ ባልደረቦቿ «አራት ነጥብ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አጻጻፏ ነው። ለደንበኛ «እሺ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ብትመልስ እንኳ አራት ነጥቧን ሳታሳርፍ አትልክም። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛው መልስ ሰጪ «አንቺ እኮ የሠርግ ካርድ እንጂ መልእክት አትጽፊም» እያለ ይስቅባታል። እሱን ደግሞ «ፈረንጁ» ይሉታል፤ ከተወለደበት ሰፈር ርቆ አያውቅም፣ እንግሊዝኛውንም የለመደው በማታ ትምህርት ነው።

ድርጅታቸው በኪራይ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ሊፍቶችን፣ የውኃ ፓምፖችንና ጄኔሬተሮችን ይጠግናል። ነዋሪው አንድ ነገር ሲበላሽበት በስልኩ መልእክት ይልካል። እነሱ ያነባሉ፣ መካኒክ ይመድባሉ፣ መካኒኩ የሚደርስበትን ሰዓት ለነዋሪው ይነግራሉ። ክፍላቸው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በላይ ነው። በመስኮት ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው ግቢ በዛጉ የሊፍት በሮችና በተጠቀለሉ የሽቦ ገመዶች የተሞላ ነው።

ቀድሞ መልእክት ሁሉ የሚገባው ለአለቃቸው ነበር። አለቃቸው ጎምለል እያለች የምትራመድ፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት፤ በሌለችበት «ሻለቃ» ይሏታል። ሻለቃ እያንዳንዱን መልእክት እየከፈተች፣ አማርኛውን ወደ አራት ነጥብ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ፈረንጁ በእጇ ትልክ ነበር። ስብሰባ የገባች ቀን መልእክቱ ሁሉ ተከምሮ ይቆያል። በኋላ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ መጣና መልእክቶቹን ራሱ የሚያከፋፍል ሲስተም ዘረጋ።

ባለሙያው ሲያስረዳቸው ነገሩ ቀላል ነበር። ሲስተሙ አማርኛም እንግሊዝኛም አያውቅም፤ የሚቆጥረው ፊደል ነው። መልእክቱ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ፊደላት ያያል። ከነዚያ ውስጥ የሚበዛው የአማርኛ ፊደል ከሆነ «አማርኛ» የሚል ምልክት ይለጥፍበትና ወደ አራት ነጥብ ይሰደዋል። የሚበዛው የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ወደ ፈረንጁ ይሄዳል። ቁጥር ወይም ፎቶ ብቻ ከሆነ ለሻለቃ ይቀራል። ሻለቃ ለምን እስከ ታች እንደማያነበው ስትጠይቀው፣ ሰዎች የቆየ ደብዳቤ ከሥር እያንጠለጠሉ ስለሚልኩና የመሥሪያ ቤታቸው ስምና አድራሻ በእንግሊዝኛ ከግርጌው ስለሚገባ ታቹ ያሳስታል አላት። ምክንያቱ ለሁሉም ገባቸው። እንዲያውም አራት ነጥብ ብልህ ልጅ ነው ብላ አሰበች።

ሲስተሙ ለደንበኛው ወዲያው የሚልከውን የመጀመሪያ መልስ አማርኛ እንድትጽፍ የታዘዘችው እሷ ናት። ሦስት ቀን አሰበችበት። «መልእክትዎ ደርሶናል። በተራዎ መሠረት እንመልስልዎታለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ባለሙያው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ሊያወጣት ሲል ተቆጣችው፤ ተዋት።

በዚያው ቀን ሁሉም አንድ ወረቀት ፈረሙ። የሲስተሙን አከፋፈል ለደንበኛ የነገረ ወይም ተራ ያዘለለ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል ይላል። አራት ነጥብ ስሟን ከነአባትና አያቷ ጽፋ ፈረመች።

እሷ እዚያ ቤት አራት ዓመቷ ነው፤ ግን በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውል ነው የምትሠራው። ውሉ ሊያልቅ ሲል እንቅልፍ ታጣለች፣ ሲታደስላት ደግሞ አምስት ወር ትተነፍሳለች። ሲስተሙ ሲገባ ሻለቃ ጠርታ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚወጣው ሪፖርት የአማርኛው ጠረጴዛ ምን ያህል ሥራ እንዳለበት ያሳያል፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ቋሚ መደብ ይሆናል፣ ደብዳቤውም ላንቺ ይጻፋል ብላ ነግራታለች። ካሳደገቻት አክስቷ በቀር ለማንም አላወራችውም። አክስቷ ግን በስልክ በተገናኙ ቁጥር ሰላምታውን ሳትጨርስ «ደብዳቤውስ?» ትላለች።

ሥራው በርግጥ ነበር። በቀን መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ መልእክት በአማርኛ ይገባል። ለፈረንጁ ሃያ ቢገባለት ነው። እሱ በሩብ ሰዓት ይመልሳል፤ ከእሷ ዘንድ አንድ ሰው ሁለት ቀን ይጠብቃል። ፈረንጁ ላግዝሽ ብሎ ነበር፤ ሲስተሙ ግን የአማርኛውን ሰልፍ ለእሱ አይከፍትለትም። ስለዚህ እሱ ዜና እያነበበ ሻይ ይጠጣል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አክስቷ ደወለች። የምትኖረው ድርጅቱ በሚጠግነው ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ አራት ቀን ሆኖታል። ጉልበቷ ያበጠ ስለሆነ ወርዳ መውጣት አትችልም፣ መድኃኒቷም ነገ ያልቃል። መልእክት ልካለች። አራት ነጥብ እየሰማች ሰልፉን ወደ ታች አየችው፤ የአክስቷ መልእክት ሰማንያ አንደኛ ነው።

«አንቺ እኮ ነሽ የምታነቢው፤ አሁን አንብቢው» አለች አክስቷ።

«አልችልም እታለም። ተራ ከዘለልኩ ይመዘገባል።»

«እኔን ለማንበብ ተራ!» አለችና አክስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አላማረም። «እኔ ስንቱን ተራ ዘልዬ ነው አንቺን ትምህርት ቤት ያስገባሁሽ፤ እንኳን ያን ጊዜ የሚመዘግብ አልነበረ።»

አራት ነጥብ ስልኩን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ሰልፉን አልነካም፣ ማንንም አላስቀድምም፣ እሷ ራሷ በሌላ በር ትግባ ብላ አሰበች። ያ ከስርቆት የሚለይ መሰላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መልእክቱን እንደገና ላኪው፤ ግን ከላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ አድርጊበት፣ የፈለግሽውን ይበል ግድ የለም፣ ከሥሩ ያው አማርኛሽን ጻፊ አለቻት።

«እንግሊዝኛ ከየት አመጣለሁ?»

«ፊደሉን ካገኘሽበት ገልብጪው።»

አክስቷ አገኘችው። በትሯን ተደግፋ እስከ ሊፍቱ በር ሄደች። አጠገቡ ብረት ላይ የተጻፈውን መስመር ፊደል በፊደል፣ በስልኳ ላይ ግማሽ ሰዓት እየፈለገች ገለበጠችው። መስመሩ ሊፍቱ ከስምንት ሰው ወይም ከስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ በላይ አይጫንም የሚል ነው። ከሥሩ ጉልበቷንና መድኃኒቷን በአማርኛ ጻፈች።

ሲስተሙ ፊደል ቆጠረ፤ ለፈረንጁ ላከው። ፈረንጁ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ «ይቺ ሴትዮ ሊፍት ልትሸጥልን ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ታቹን አነበበና መካኒክ መደበ። ከቀትር በኋላ ሊፍቱ ተነሣ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ መልካም ነበር። አክስቷ ግን ደግ ሰው ናት፤ ደግ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይደብቅም። ለስድስተኛ ፎቅ ጎረቤቷ መስመሩን ላከችላት። ጎረቤቷ ለእህቷ፣ እህቷ ለሕንፃቸው ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ ላከች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፓምፑ የቆመበት፣ ጄኔሬተሩ ያጨሰበት፣ ቁልፉ የጠፋበት ሁሉ መልእክቱን «ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ» በሚለው እንግሊዝኛ መጀመር ያዘ። አንዳንዱ እንደ ሰላምታ አድርጎት ከሥሩ «ጤና ይስጥልኝ» ይላል። አንድ ሰው ደግሞ ኪሎውን በራሱ ፈቃድ ወደ ስምንት መቶ አሳድጎት ነበር።

ፈረንጁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሻዩ መቀዝቀዝ ጀመረ። ከዚያ ዜናውን ተወ። በወሩ መጨረሻ የሱ ሰልፍ መቶ ሃያ ደረሰ፣ የሷ ወደ ሠላሳ ወረደ።

«አራት ነጥብ፣ ይሄ ሁሉ ያንቺ ሰው ነው» አለ አንድ ቀን፤ አላየችውም፣ እሱም አላያትም። «እኔ እመልሳለሁ ብል አማርኛዬ እንዳንቺ አያምር። ወደ አንቺ ላሳልፈው?»

አሳልፍ አለችው። «አሳልፍ» የሚል ቁልፍ ነበረው፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ይሠራል፣ ወደዚህ ብቻ። ስለዚህ ፈረንጁ ጠዋት ጠዋት ያን መስመር የያዙትን ሁሉ ወደ እሷ ይገፋል። እሷም እንደ ቀድሞዋ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ ትመልሳለች። ሥራዋ አልጎደለም። ከመተየብ ብዛት ጣቷ ላይ የወጣው መጅ እንኳ ያው ነው። ደንበኛው በሌላ በር ገባ እንጂ ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው እሷን ስለሆነ፣ ልቧን ትንሽ ቀለላት። የፈረመችው ወረቀት ትዝ ሲላት ደግሞ ያንኑ መልሳ ለራሷ ትነግረዋለች።

ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። ሲስተሙ በር ላይ የለጠፈውን ምልክት በኋላ አይነቅልም። መልእክቱ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም፣ እሷ ብትመልሰውም፣ ሲገባ «እንግሊዝኛ» ከተባለ እስከ መጨረሻው እንግሊዝኛ ነው። ሪፖርቱ የሚቆጥረውም ምልክቱን እንጂ የመለሰውን ሰው አይደለም።

ሦስቱ ወር ሞላ። ሻለቃ ሁለቱንም ወደ ቢሮዋ ጠራቻቸው፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ቀድሞ ተቀምጧል። አራት ነጥብ ያን ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው። ጠዋት አክስቷ ደውላ «ዛሬ ነው አይደል?» ብላታለች።

ሻለቃ ሪፖርቱን ግድግዳው ላይ አበራችው። የአማርኛው መስመር ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ ይመስላል፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። በመጨረሻው ወር ከመቶ መልእክት አማርኛው ሃያ ብቻ ነው።

«ደንበኞቻችን ተለውጠዋል» አለች ሻለቃ። እንደ ምሥራችም እንደ መርዶም አላለችውም። የበላዮቿ ሪፖርቱን አይተው መወሰናቸውን ነገረቻቸው። የአማርኛው ጠረጴዛ ይታጠፋል፤ ለፈረንጁ እንግሊዝኛ የምታውቅ ረዳት ትቀጠርለታለች። ከዚያ ወደ አራት ነጥብ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልተከራከረችልኝም እንዳትይኝ። ቁጥሩ አፌን ዘጋኝ።»

አራት ነጥብ ወደ ፈረንጁ አየች። ፈረንጁ የሸሚዙን ቁልፍ ያይ ነበር። ሁለት ነገር በልቧ ተፋጠጠ። ዝም ካለች ደብዳቤው ቀረ፤ ከተናገረች ነገሩ የት ድረስ እንደሚጎተት አታውቅም። አራት ዓመት ያጎነበሰ አንገቷ ግን ራሱ ቀና አለ።

«ታቹን ያንብቡት» አለች።

«የምኑን?»

«የመልእክቶቹን። ከመጀመሪያው መስመር ታች ያለውን። እንግሊዝኛ አይደሉም። ሁሉንም የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ባለሙያው አንድ መልእክት ከፈተ። ስምንት ሰው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ኪሎ። ከሥሩ ግማሽ ገጽ አማርኛ። ሌላ ከፈተ፤ ያው ነው። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ። ምልክቱ ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ፊደላት እንደሚለጠፍ፣ ሲተላለፍም እንደማይለወጥ ለሻለቃ እየተንተባተበ አስረዳት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ መልእክቱን በሙሉ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ፣ ከሥር የሚንጠለጠለውን የቆየ ጽሑፍ ብቻ ቆርጦ ይጥላል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው አለ። ያለፈውን ሦስት ወር እንደገና ሲያስቆጥረው፣ ግድግዳው ላይ የአማርኛው መስመር ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀና አለ። ከመቶ ሰማንያ ስድስት።

ሻለቃ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። «አየሽ፣» አለች፣ «ይሄ ጠረጴዛ እንኳን ሊታጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልገዋል። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ግን» አለች ሻለቃ፣ «ይሄ ሁሉ ሕዝብ አንድ መስመር ከየት አመጣ?»

ባለሙያው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ እጁን መያዝ አይችልም። መስመሩን ጽፎ በቀን ቅደም ተከተል ፈለገው። የመጀመሪያው ብቅ አለ፤ ማክሰኞ፣ ሰባተኛ ፎቅ። ከሥሩ የፈረንጁ መልስ። ከመልሱ ሥር ደግሞ፣ አራት ነጥብ በሕይወቷ አይታው የማታውቅ ሌላ መልእክት ነበር። ሊፍቱ በተነሣ ማግስት ለዚያው መልስ አጸፋ የተላከ ምስጋና ስለሆነ፣ ሲስተሙ ፊደል ሳይቆጥር ለፈረንጁ ሰጥቶታል። ሻለቃ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ሊፍቱ ተሠርቶ መድኃኒቴን አመጣሁ። ይኼን መስመር ከላይ ጻፊበት ብላ ዘዴውን የነገረችኝን፣ እናንተው ዘንድ የምትሠራውን የወንድሜን ልጅ አደራ ዕወቁልኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ደብዳቤዋን እንዳትረሱ።»

ፈረንጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መልእክቱን በዚያው ቀን አንብቦታል። «ተጠናቋል» ብሎ ዘግቶት እስካሁን ለማንም ትንፍሽ ሳይል ተቀምጧል። ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር፤ ሲስተሙ ማጥፊያ የለውም።

ሻለቃ መነጽሯን አወለቀች። ከመሳቢያዋ ያን የፈረሙበትን ወረቀት አወጣች፤ የአራት ነጥብ ስም ከነአባትና አያቷ በንጹሕ ጽሕፈት ተጽፎበታል። ፈረንጁ፣ አንድ ታማሚ አሮጊት ናት እኮ፣ ተራም አልዘለለችላትም ብሎ ተከራከረ። ሻለቃ ይህን ሁሉ አውቃለሁ አለችው። ከዚያ ወደ አራት ነጥብ አየች።

«ምነው ባልተናገርሽ» አለች ቀስ ብላ። «ዝም ብትዪ ውልሽን ሌላ ቦታ አሳድስልሽ ነበር። አሁን ሪፖርቱን እንደገና ለማስቆጠር ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ።»

ከቀትር በኋላ የጠረጴዛውን ቋሚ መሆን የሚያዝዘው ወረቀትና የሷ የስንብት ደብዳቤ አብረው ከአንድ ማተሚያ ወጡ። በመደቡ ላይ ሰው እንዲቀጠር ማስታወቂያ ይወጣል ይላል አንደኛው። አራት ነጥብ ሁለተኛውን አጥፋ በቦርሳዋ ከተተች። ፈረንጁ እስከ በሩ ሸኛት። «አማርኛው ይከብደኛል» አለ። እሷም «አራት ነጥብ አትርሳ» አለችው።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ አክስቷ ሕንፃ ሄደች። ሊፍቱ እንደገና ቆሟል። ብረቱ ላይ ያለውን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየችው፤ ትንሽ ነው፣ አንዱ ጥግ በዝገት ተበልቷል። ሰባት ፎቅ በእግሯ ወጣች።

አክስቷ በሩን ከፍታ ጠብቃታለች። ከሰዓታት በፊት መልእክት ልካለች፤ መስመሩንም ከላይ አድርጋበታለች፤ እስካሁን ግን መካኒክ የለም።

«መስመሩ ደክሟል መሰለኝ» አለች። «ሌላ ንገሪኝ።»

«ሌላ የለም፣ እታለም።»

«ደብዳቤውስ? ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ።»

አክስቷ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ጉልበቷ ቆንጠጥ አድርጓት ተቀመጠች። ያኔም ቢሆን ትስቅ ነበር። እኔ አደራ ባልላቸው መቼ ይሰጡሽ ነበር አለች።

አራት ነጥብ የአክስቷን ስልክ ተቀብላ አጠገቧ ተቀመጠችና ከላይ ምንም ሳትጨምር በአማርኛ ጻፈች። ሊፍቱ ቆሟል። የምንኖረው ሰባተኛ ፎቅ ነው። ታማሚ አለች። አራት ነጥቧን አሳርፋ ላከችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አክስቷ መልስ መጣ ብላ ተንጠራራች፤ መነጽሯን ስላላገኘችው ምን ይላል አለቻት። አራት ነጥብ ፊደሉን አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ሦስት ቀን አስባበታለች።

«መልእክትዎ ደርሶናል ይላል። በተራዎ መሠረት እንመልስልዎታለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»